ጌሙን ለተጫዋቹ ማስተካከል፦ ቀለም፣ በተን እና ሳብታይትል

ታናሽ ወንድሜ ሰፈራችን ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ ሲጫወት አንዳንድ ቀን ማንም አይችለውም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ኳሷን አንስቶ ለተቃራኒ ቡድን ይሰጣል። እኛ "አትቸኩል" እንለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጎኑ ቁጭ ብዬ አየሁት። እሱ የያዘው ቡድን ቀይ ማሊያ ለብሷል፣ ተጋጣሚው አረንጓዴ። ሜዳውም አረንጓዴ ነው። "የአንተ ልጆች የትኞቹ ናቸው?" አልኩት። "ምልክቱ ከላዩ ያለው" አለኝ። አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀሪዎቹን አሥሩን በግምት ነበር የሚጫወተው።

ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ አይለይም። ይህ ችግር በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ የሚሸከመው ጂን ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክስ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ የሚያካክስለት ሌላ የለውም፤ ለዚህ ነው በወንዶች ላይ የሚበዛው። ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆኑ ወንዶች ዘንድ ከ12 አንዱ ግድም እንዲህ ነው፣ በሴቶች ደግሞ ከ200 አንዷ ግድም። በሌላው ሕዝብ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ግን የትም አይጠፋም። የ2018ቱን የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ያየ ሰው ያስታውሳል። ሩሲያ በቀይ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በአረንጓዴ ነበር የገቡት። ቀለም መለየት የሚቸግራቸው ተመልካቾች ያን ቀን ማን ማን እንደሆነ ጠፍቷቸው በይፋ ቅሬታ አሰምተዋል።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለሦስት ሰዎች ጌም አስተካክያለሁ፦ ለወንድሜ፣ የግራ እጁ ጣቶች ለማይታዘዙት የአጎቴ ልጅ፣ እና መስማት ለሚቸግራት የጎረቤታችን ልጅ። ሦስቱም ጋ የሠራሁበትን ቅደም ተከተል እዚህ እጽፋለሁ።

1. ሜኑውን ከመክፈታችሁ በፊት ተጫዋቹን እዩ

አሁን የሚወጡ ትልልቅ ጌሞች Settings ውስጥ Accessibility የሚል ክፍል አላቸው። አንዳንዱ ውስጥ ከ60 በላይ ምርጫ ታገኛላችሁ። ሁሉንም ከፍታችሁ መነካካት ከጀመራችሁ የቱ እንደጠቀመ ሳታውቁት ይመሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ለ15 ደቂቃ ያህል ምንም ሳትቀይሩ ሰውዬው ሲጫወት ተመልከቱ።

የምትፈልጉት የተሸነፈበትን ቦታ ሳይሆን የቆመበትን ቦታ ነው። ነገሩን ሳያየው ቀረ? አይቶት እጁ አልደረሰለትም? ወይስ የተባለውን ሳይሰማ ወይም ሳያነብ አለፈው? የመጀመሪያው ወደ ቀለምና ድምቀት ይወስዳችኋል፣ ሁለተኛው ወደ በተን፣ ሦስተኛው ወደ ሳብታይትል። ሰውየውን ጠይቁት፣ ግን በመልሱ ብቻ አትወሰኑ። ወንድሜ "ችግር የለብኝም" ነበር የሚለኝ። እውነቱን ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያየው እንዲያ ስለሆነ ሌላው ሰው የሚያየውን አያውቅም።

2. ቀለም፦ ፊልተሩ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት

የቀለም ምርጫው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስሞች ተጽፈው ታያላችሁ። Deuteranopia ማለት አረንጓዴ ብርሃንን የሚቀበለው የዓይን ክፍል ሲጎድል ነው። Protanopia የቀዩ ነው። Tritanopia የሰማያዊው ነው፣ እሱ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀይና አረንጓዴን ያምታታሉ፣ ስለዚህ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አንድ ልዩነት ግን አላቸው። Protanopia ላለበት ሰው ቀይ ራሱ ይጨልምበታል። ጥቁር ወረቀት ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር አሳዩት። ጽሑፉ ከነጭራሹ ከጠፋበት ወይም በጣም ከደበዘዘበት ወደዚያ ያዘነብላል። ይህ ለጌም ምርጫ ያህል ነው፤ እርግጡን የሚነግራችሁ የዓይን ሐኪም ነው፣ ነጠብጣብ በሞላባቸው የቁጥር ሥዕሎች መርምሮ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። "ከለር ብላይንድ ሞድ" የሚል ስም የተሰጣቸው ነገሮች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አንደኛው ዓይነት ስክሪኑን በሙሉ ቀለም ይቀይራል። ሰማዩም፣ የሰው ፊትም፣ ሣሩም ይለወጣል። ሁለተኛው ዓይነት የሚቀይረው አስፈላጊዎቹን ነገሮች ብቻ ነው፦ የጠላትን ጠርዝ፣ የካርታውን ነጥብ፣ የአደጋ ምልክቱን። ቫሎራንት ለምሳሌ ጠላት ዙሪያ የሚሰመረውን መስመር ከቀይ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ወይን ጠጅ እንድትቀይሩት ያስችላችኋል፣ ሌላውን ግን አይነካም። እኔ ምርጫ ካለኝ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምወስደው። ሙሉ ፊልተር ሁለት ቀለሞችን ሲያራርቅ፣ ከዚህ በፊት ሰውየው በደንብ ይለያቸው የነበሩ ሌሎች ሁለት ቀለሞችን ሊያቀራርብ ይችላል። አንዱን ጎን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል።

የወንድሜን ነገር እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የእግር ኳሱ ጌም ውስጥ የቀለም ምርጫውን አገኘሁት። የሚቀመጥበት ቦታ በየዓመቱ እትም ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ቦታውን ሳይሆን ስሙን ፈልጉ። ሦስቱንም በየተራ አበራሁለት። በእያንዳንዱ ላይ ጌሙን በፖዝ አቁሜ "የአንተን ቡድን ልጆች በጣትህ ቁጠርልኝ" አልኩት። ምንም ሳይበራ፣ ስክሪኑ ላይ ከነበሩት ሰባት የእሱ ልጆች ሦስቱን ብቻ አገኘ። በተስማማው ምርጫ ላይ አምስት ደረሰ። ተሻሽሏል፣ ግን ሁለት ሰው አሁንም ሣሩ ውስጥ ጠፍቶበታል።

መፍትሔው ከAccessibility ሜኑው ውጭ ነበር። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ማሊያ የሚመረጥበት ገጽ አለ። እዚያ ገብተን ለእሱ ነጭ፣ ለተጋጣሚው ጥቁር ሰማያዊ መረጥን። ፊልተሩን አጠፋነው። ሰባቱንም ቆጠረ፣ ጣቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም። ጥቅሙ ከቀለሙ ይልቅ ከድምቀቱ ነው የመጣው። አንዱ ፈዛዛ ሌላው ጥቁር ከሆነ፣ ቀለም የማይለይ ዓይንም ይለየዋል።

ከዚህ የተማርኩትን መፈተሻ አሁን ለየትኛውም ጌም እጠቀምበታለሁ። ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፣ ስልካችሁ ላይ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ሁለቱ ቡድኖች ወይም ጠላትና ወዳጅ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከታዩ፣ ጌሙ እነሱን የሚለየው በቀለም ብቻ ነው ማለት ነው። ችግሩ እዚያ ነው ያለው። ከተለያዩ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አንዳንድ ጌም ሠሪዎች ይህን ከሥሩ አስተካክለውታል። ማይንክራፍት በ2021 በወጣው 1.17 እትሙ የማዕድን ድንጋዮቹን ሥዕል ቀይሯል። ድሮ አብዛኞቹ ማዕድናት በሚመሳሰል ነጠብጣብ ይሣሉ ነበር፣ ልዩነታቸው በዋናነት ቀለማቸው ነበር። አሁን የነጠብጣቡ ቅርጽ ራሱ ይለያያል። እንዲህ ያለ ጌም ላይ የምታበሩት ነገር የለም፣ ሥራው አልቋል።

ስልክ ላይ ለሚጫወቱ፣ ፐብጂ ሞባይል የግራፊክስ ሴቲንጉ ውስጥ Colorblind Mode አለው፤ ሦስቱን ስሞች እዚያው ታገኟቸዋላችሁ።

3. በተን፦ መጀመሪያ "ተጭነህ ያዝ"ን አጥፉ

የአጎቴ ልጅ ሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ኃይል አጥተዋል። አውራ ጣቱ ደህና ነው። ጆይስቲኩን መያዝ ይችላል፣ የግራውን ዱላ በአውራ ጣቱ ያንቀሳቅሳል። ከላይ በኩል ያሉትን L1 እና L2 ግን መጫን አይችልም። የሚወደው ጌም ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 ነው፣ በፕሌይስቴሽን 4።

ይህ ጌም በ2020 ሲወጣ ከ60 በላይ የተደራሽነት ምርጫ ይዞ ነው የመጣው። ጌሙ ገና ሲከፈት፣ ታሪኩ ሳይጀመር፣ ምርጫዎቹን ያቀርብላችኋል። ሦስት የተዘጋጁ ጥቅሎች አሉት፦ አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለመስማት፣ አንዱ ለእንቅስቃሴ። ጥቅሉን ማብራት ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን እዚያ አትቁሙ። ጥቅሉ የእናንተን ሰው አያውቀውም።

ብዙ ሰው በተን ማስተካከል ሲባል ወዲያው ቦታ መቀያየር ይጀምራል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ አደረግሁ፣ አልሠራም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በዚህ ጌም ለማነጣጠር L2ን ተጭነህ መያዝ አለብህ። ማነጣጠሩን ወደ ግራው የአቅጣጫ በተን ባዛውረው፣ አውራ ጣቱ እዚያ ተጣብቆ ይቀራል፣ መራመድ አይችልም። በተኑ ቦታውን ቀየረ እንጂ ችግሩ አልተነሳም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ተጭኖ መያዝ የሚጠይቁትን ሁሉ ወደ አንድ ጊዜ መንካት ቀይሩ። ሜኑው ላይ Hold የሚለው ነው ወደ Toggle የሚቀየረው። ለአጎቴ ልጅ ማነጣጠሩን ቀየርኩት። አንዴ ሲነካ ያነጣጥራል፣ ደግሞ ሲነካ ይተዋል። በዚያው ገጽ ላይ በተን ደጋግሞ መደብደብ የሚጠይቁትንም ታገኟቸዋላችሁ። እነዚህ በተቃራኒው ከTap ወደ Hold ነው የሚሄዱት፣ ምክንያቱም ለደከመ እጅ አሥር ጊዜ ከመምታት አንድ ጊዜ ተጭኖ መቆየት ይቀላል።

ይህ ከሆነ በኋላ ብቻ ቦታ አዛውሩ። Customize Controls ውስጥ ገብተን ማነጣጠሩን ከL2 አንስተን ከግራው የአቅጣጫ በተኖች ወደ አንዱ ወሰድነው። አሁን አውራ ጣቱ ከዱላው ተነስቶ አንዴ ይነካና ወደ ዱላው ይመለሳል። ማነጣጠሩ እንደበራ ይቆያል፣ እሱ ይራመዳል።

L1 ላይ የነበረው ግን እንዲህ በቀላሉ አልተፈታም። እዚያ ያለው ከምት መሸሽ ነው። መሸሽ ጊዜ አይሰጥም፤ አውራ ጣት ከዱላው ተነስቶ እስኪመለስ ምቱ ያርፋል። ስለዚህ ወደ ጤነኛው እጅ መሄድ ነበረበት። ቀኝ እጅ ደግሞ ሁሉም በተን ተይዟል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ "የትኛው ድርጊት መቸኮል አያስፈልገውም?" የሚል ነው። ቁጢጥ ማለት መጠበቅ ይችላል። ስለዚህ መሸሹን ክብ ምልክት ወዳለበት በተን አመጣነው፣ ቁጢጥ ማለቱን ከግራው የአቅጣጫ በተኖች ወደ ሌላው ላክነው። በዚህ ምክንያት ከአቅጣጫ በተኖቹ የተፈናቀሉትን ድርጊቶች ደግሞ መሐል ያለውን ታችፓድ በጣት ወደ ማንሸራተት አዛወርናቸው። ይህ ጌም ታችፓድ ማንሸራተትንም ጆይስቲክ ማወዛወዝንም እንደ በተን ይቆጥራል።

በአንድ እጅ ብቻ ለሚጫወት ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት Right Hand Only እና Left Hand Only የሚሉ የተዘጋጁ አሰላለፎች እዚያው አሉ። ሁለተኛ እጁ ከነጭራሹ የማይሠራ ከሆነ ከእነሱ ጀምሩ። የአጎቴ ልጅ አውራ ጣት ስላለው እኛ የራሳችንን ሠራን።

ስትቀይሩ በአንድ ጊዜ ከሁለት በተን በላይ አታንቀሳቅሱ። ቀይሩ፣ አሥር ደቂቃ ያጫውቱት፣ ከዚያ ቀጥሉ። እጅ የለመደውን ቶሎ አይረሳም። አምስት በተን አንዴ ብትቀይሩበት፣ የሚሳሳተው አሰላለፉ መጥፎ ስለሆነ ነው ወይስ ገና ስላልለመደው፣ መለየት አትችሉም። ሌላው ምልክት ድካም ነው። ለአምስት ደቂቃ የተመቸ አሰላለፍ ግማሽ ሰዓት ላይ ሊያሳምም ይችላል። የአጎቴ ልጅ በሁለተኛው ቀን አውራ ጣቱ ሥር እንደሚያመው ነገረኝ። የግራ አውራ ጣቱ አሁን የሦስት ጣት ሥራ ነበር የሚሠራው። ከማነጣጠር ጋር ያለውን Lock-On Aim አበራንለት። ሲያነጣጥር መሣሪያው ራሱ ጠላቱን ይይዛል፣ በዱላው ማረም ይቀንሳል። ጥንካሬውን በቁጥር ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሕመሙ ቀለለው።

ጌሙ ውስጥ በተን መቀየሪያ ከሌለስ? ማሽኑ ራሱ አለው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ Settings፣ ከዚያ Accessibility፣ ከዚያ Button Assignments። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደግሞ Accessibility ውስጥ Controllers የሚለውን ክፈቱ። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ማሽኑ የቀየረውን ጌሙ አያውቅም። የL1ን ሥራ ወደ ክብ ብታዛውሩት፣ ስክሪኑ አሁንም "L1 ተጫን" ይላል። ተጫዋቹ በሆዱ መተርጎም አለበት። በፍጥነት በተን ንካ በሚባልበት ትዕይንት ላይ ይህ ከባድ ነው። ለዚህ ነው የጌሙ የራሱ መቀየሪያ ካለ ሁልጊዜ እሱ የሚቀድመው። ደግሞ ማሽኑ ላይ የተቀየረው ከአንዱ ጌም ጋር አይቀርም፣ ሌሎቹም ጌሞች ላይ ይሠራል።

በስልክ ለሚጫወት ሰው ነገሩ ይቀላል። ፐብጂ ሞባይልን የመሰሉ ጌሞች Controls ውስጥ በስክሪኑ ላይ ያሉትን በተኖች በጣት እየጎተታችሁ እንድታስቀምጡ፣ እንድታተልቁም ይፈቅዱላችኋል። ጣቱ ስልኩን ሲይዝ በተፈጥሮ የሚያርፍበትን ቦታ አይታችሁ በተኑን እዚያ ውሰዱለት። ጣቱ ወደ በተኑ እንዲዘረጋ አታድርጉት።

4. ሳብታይትል፦ ከሶፋው ላይ ሆናችሁ ለኩት

ሳብታይትል መስማት ለሚቸግረው ሰው ብቻ አይደለም። ከእኛ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛውን ከጆሮ ይልቅ በዓይን ነው የምንከተለው። ስለዚህ ይህ ክፍል ማንኛችሁንም ይመለከታል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መጠኑን ሲመርጥ ነው። ሴቲንጉን ለማየት ወደ ቲቪው ይጠጋል፣ ከዚያ ሆኖ "ይበቃል" ይላል፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ሄዶ ይቀመጣል። መጠኑን ስትመርጡ ሰውየው ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ይሁን። ፈተናው ደግሞ ባዶ ሜኑ ላይ አይሁን። ገጸ ባሕርያቱ እየተጣደፉ የሚነጋገሩበት፣ ከጀርባው በረዶ ወይም ነጭ ሰማይ ያለበት ትዕይንት ምረጡ። ሰውየው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ጽሑፉ ከጠፋበት፣ ወይም ዓይኑን አጥብቦ ወደ ፊት ካዘነበለ፣ መጠኑ አልበቃውም።

ማተለቅ ግን ወሰን አለው። ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ይበዛል። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ሳብታይትል በአንድ መስመር ከ40 ፊደል ግድም አያልፍም፣ መስመሩም ከሁለት አይበልጥም። ስታተልቁት አራት መስመር ሆኖ የስክሪኑን ታች ከሸፈነው፣ ተጫዋቹ ማንበብና ማየት አብረው አይሆኑለትም። ያኔ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ከጽሑፉ ጀርባ ጥቁር መደብ አብሩ። ከመጠኑ ይልቅ መደቡ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይረዳል። ነጭ ፊደል በነጭ ሰማይ ላይ የቱንም ያህል ቢተልቅ አይነበብም።

ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 ውስጥ እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ይበራሉ፦ መጠኑ፣ መደቡ፣ የፊደሉ ቀለም፣ የተናጋሪው ስም። የተናጋሪውን ስም አብሩት። ሦስት ሰው ጨለማ ውስጥ ሲያወራ ስም ከሌለው ማን እንደተናገረ አይታወቅም። ሌላም አለ፣ Subtitle Direction የሚባል። ተናጋሪው ስክሪኑ ላይ ካልታየ፣ ከየት በኩል እንደሆነ በቀስት ያሳያል።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ልጅ ልምጣ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ማይንክራፍት በኮምፒዩተር ትጫወታለች፣ የጃቫውን እትም። ያስቸገራት ንግግር አይደለም፣ ማይንክራፍት ውስጥ ንግግር የለም። ያስቸገራት አረንጓዴው ክሪፐር ነው። ከኋላ መጥቶ ትንሽ "ሽሽሽ" ይልና ይፈነዳል። ሌላው ልጅ ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል። እሷ የሠራችው ቤት ሲፈርስ ነው የምታውቀው።

ይህን የሚፈታው ከንግግር አልፎ ድምፅንም የሚጽፍ ሳብታይትል ነው። Options ውስጥ Music & Sounds ግቡና Show Subtitles አብሩ። ስክሪኑ ቀኝ ታች ጥግ ላይ የሚሰሙት ድምፆች እየተጻፉ ይመጣሉ። ክሪፐሩ ሲያፏጭ Creeper hisses ይላል። ከጽሑፉ ጎን ደግሞ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያሳይ ምልክት አለ። እንግሊዝኛው ገና ስለሆነላት አምስት ቃላት በወረቀት ጻፍኩላት፦ የክሪፐሩን፣ የዞምቢውን፣ የአጽሙን፣ የሸረሪቱን እና የላቫውን። ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ለጠፈችው። በሦስተኛው ቀን ጥግ ላይ ያለውን ጽሑፍ በዓይኗ ጨረፍታ አይታ ዞር ስትል አየኋት፣ ክሪፐሩ ገና ሳይደርስባት።

የማይንክራፍት ድክመት ሳብታይትሉ የራሱ መጠን መቀየሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ለማተለቅ Video Settings ውስጥ GUI Scale የሚለውን ከፍ ማድረግ አለባችሁ፣ ያኔ ሜኑውም ዕቃ መያዣውም አብሮ ይተልቃል። ለእሷ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አደረግሁትና Accessibility Settings ውስጥ Text Background የሚለውን Everywhere አድርጌ፣ Text Background Opacity የሚባለውን የጽሑፍ መደብ አጠቆርኩት። በቃት።

5. ጌሙ ምንም ከሌለው

የቆየ ጌም ወይም በትንሽ ቡድን የተሠራ ጌም ከእነዚህ አንዱም ላይኖረው ይችላል። ያኔ ወደ ማሽኑ ሂዱ። ዊንዶውስ 11 ላይ Settings፣ Accessibility፣ Color filters ክፈቱ። ለቀይና አረንጓዴ ሁለት፣ ለሰማያዊና ቢጫ አንድ ፊልተር ታገኛላችሁ። እዚያው ላይ የቁልፍ አቋራጩን አብሩት። ከዚያ ወዲያ ጌም ውስጥ ሆናችሁ ይህን ስትጫኑ ፊልተሩ ይበራል፣ ይጠፋል፦

```
Win + Ctrl + C
```

ፊልተሩ ጌሙ ላይ ካልያዘ፣ የጌሙን የስክሪን ምርጫ ከFullscreen ወደ Borderless ቀይሩና ሞክሩ። በዚያው ገጽ ላይ Grayscale የሚል ታያላችሁ። ቅድም በስልክ ፎቶ ያሳየኋችሁን የጥቁርና ነጭ ፈተና በእሱ በቀጥታ መሥራት ይቻላል።

አንድሮይድ ስልክ Accessibility ውስጥ Color correction አለው፣ አይፎን ደግሞ Display & Text Size ውስጥ Color Filters። እነዚህ ሁሉ ስክሪኑን በሙሉ የሚቀይሩ ናቸው፣ ስለዚህ ቀደም ብዬ ያልኩት ጉዳት አለባቸው። ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ተጠቀሙባቸው፣ ከጌሙ ስትወጡ አጥፏቸው።

ማሽኑ የማይሞላው ነገርም አለ። እንደ ክሪፐሩ ያለውን ድምፅ ጌሙ ራሱ ካልጻፈው ማሽኑ አይጽፍላችሁም። ክሪፐሩን የሚጽፍ ሳብታይትል ያልተሠራበት ጌም ከሆነ፣ ዊንዶውስ ሊያመጣው አይችልም። መስማት ለሚቸግረው ሰው ጌም ስትገዙ ይህን አስቀድማችሁ አጣሩ። ሰው ሲጫወተው የተቀረጸ ቪዲዮ ፈልጉ፣ ድምፁን አጥፉና አሥር ደቂቃ እዩት። የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ካልገባችሁ፣ እሱም አይገባውም።

6. ከመነሳታችሁ በፊት

ያስተካከላችሁትን እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አፕዴት ሲመጣ ወይም ሌላ ሰው ሲነካው ሁሉም ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል፣ የአጎቴን ልጅ በተኖች አንድ በአንድ ማስታወስ ደግሞ አይቻልም። ማሽኑ የጋራ ከሆነ፣ ለእሱ የራሱን ዩዘር ክፈቱለት።

ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ግን ይህ ብዙ ጊዜ አይሆንም፣ ሁሉም በአንድ ዩዘር ነው የሚጫወተው። እዚያ የቀየራችሁትን በተን ስትወጡ መልሱት፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ልጅ እንዳይደናገር። ወንድሜ አሁን ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግሯል። ተራው ሲደርስ መጀመሪያ ማሊያ የሚመረጥበትን ገጽ ይከፍትና ለራሱ ነጩን ይወስዳል፣ ተጋጣሚውም ጥቁር ሰማያዊውን ወይም ጥቁሩን ይመርጥለታል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።